ከሁለት ቁጥር ወደ ራን ቻርት፦ የተመላላሽ ክፍል የጥራት ሥራ እንዴት ይዘገባል

በየጤና ተቋሙ የጥራት ማሻሻያ ሥራ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ከሥራው በፊት 42 በመቶ፣ ከሥራው በኋላ 72 በመቶ። በሁለት ዓምዶች ተሥለው በስላይድ ላይ ይወጣሉ፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ታሪኮችን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ምናልባት አሠራሩ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊትም ቀስ በቀስ እየተሻሻለ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ምንም አልጨመረለትም። ምናልባት ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ወደ 95 በመቶ ዘሎ፣ ሪፖርቱ በተጻፈበት ሰዓት ወደ 50 እየወረደ ነው። ምናልባትም በእርግጥ ከአንድ የታወቀ ለውጥ በኋላ ከፍ ብሎ እዚያው ረግቷል። አማካዩ በሦስቱም ታሪኮች አንድ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቁጥሮቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሰው ነው።

ይህ መመሪያ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የጥራት ሥራ ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች የተጻፈ ነው። የሚያተኩረው በሁለት መሣሪያዎች ላይ ነው። አንዱ ራን ቻርት ነው፤ በጊዜ ቅደም ተከተል የተቀመጡ ነጥቦችና በመካከላቸው የሚያልፍ አንድ መስመር። ሌላው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ፒዲኤስኤ የሚባለው ተደጋጋሚ ዙር ነው፤ ማቀድ፣ መሞከር፣ ማጥናት፣ ቀጥሎ የሚደረገውን መወሰን። ዙሩ ከዋልተር ሼዋርትና ከኤድዋርድስ ዴሚንግ የፋብሪካ ጥራት ሥራ የመጣ ነው። ሁለቱን መሣሪያዎች ብዙዎቻችን በሥልጠና ሰምተናቸዋል፤ ሪፖርት ላይ ግን ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ ወይም ስማቸው ብቻ ይጠቀሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. በቢኤምጄ ኳሊቲ ኤንድ ሴፍቲ መጽሔት የታተመ አንድ ዳሰሳ ይህን ዘዴ ተጠቀምን ያሉ 73 ጽሑፎችን መርምሮ ነበር። የዙሮቹን ተከታታይነት በተሟላ መንገድ ያሳዩት 14ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ።

ማሳያ የሚሆነን አንድ ጤና ጣቢያ ነው። በወረዳ ከተማ ያለ፣ የአዋቂዎች ተመላላሽ ክፍሉ በሳምንት 200 ያህል ታካሚ የሚያይ እንበል። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማስረዳት እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የየትኛውም ተቋም መረጃ አይደሉም። ችግሩ ግን በየቦታው ያለ ነው። የደም ግፊት በአብዛኛው ምልክት ስለማያሳይ፣ ለራስ ምታት ወይም ለጉንፋን የመጣ ጎልማሳ ግፊቱ ሳይለካ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በሽታው ሳይታወቅ ይቀራል። ቡድኑ ያነሣው ዓላማ አጭር ነው፦ ዕድሜያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ታካሚዎች ምርመራ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ግፊታቸው የተለካው፣ በስድስት ወር ውስጥ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይድረስ።

መለኪያውን ማንም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲቆጥረው አድርጉ

ከሁሉ በፊት «ተለካ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። በእኛ ማሳያ ተለካ የሚባለው የላይኛውም የታችኛውም ቁጥር በዚያው ቀን በካርዱ ላይ ተጽፎ ከተገኘ፣ የተጻፈውም ከባለሙያው ማስታወሻ በፊት ከሆነ ነው። አንዱ ቁጥር ብቻ ካለ አልተለካም። ባለሙያው ራሱ በምርመራ ክፍል ከለካውም ለዚህ መለኪያ አይቆጠርም፤ ቡድኑ ሊለውጥ ያሰበው ትሪያጁን ነውና። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ የተላኩ ታካሚዎች ከቆጠራው ውጪ ናቸው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሳይጽፉ የጀመሩ ቡድኖች በሦስተኛው ወር ቆጣሪው ሲቀየር ቁጥሩም አብሮ ይቀየርባቸዋል። ከዚያ በኋላ የተለወጠው አሠራሩ ይሁን አቆጣጠሩ መለየት አይቻልም።

ሁሉንም ካርድ መቁጠር አያስፈልግም። በሳምንት 20 ካርድ ይበቃል። ከተመላላሽ መዝገቡ ላይ ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ታወጣላችሁ፤ 4 ከወጣ 4ኛውን፣ 14ኛውን፣ 24ኛውን እያላችሁ 20 የሚሆኑ ታካሚዎችን ትመርጣላችሁ። በመንገድ ላይ ዕድሜው ከ30 በታች የሆነ ሰው ከገጠማችሁ ቀጣዩን ውሰዱ። ካርዶቹን የሚያወጣው ሰው የትሪያጅ ነርሷ ባትሆን ይመረጣል። ምክንያቱ አለመተማመን አይደለም፤ የራስን ሥራ ስንቆጥር ግማሽ የተጻፈውን እንደ ሙሉ መቁጠር ለሁላችንም ቀላል ስለሆነ ነው።

ለምን በሳምንት? የአገራችን የጤና መረጃ ሪፖርት በወር አንዴ፣ ከ21 እስከ 20 እየተቆጠረ ይወጣል። ያንን ብቻ ከያዝን በዓመት የምናገኘው 12 ነጥብ ነው። ለውጡ ይሥራ አይሥራ ለማወቅ ግማሽ ዓመት መጠበቅ ይሆናል። ሳምንታዊው ቁጥር በሁለት ወር ተኩል 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ለመነሻ መስመር ይህ በቂ ነው። የበዓል ሳምንት ሲገጥምና ታካሚ ሲቀንስ ነጥቡን አትሰርዙ። ያገኛችሁትን ካርድ ቆጥራችሁ ከነጥቡ አጠገብ «ጥምቀት፣ 11 ካርድ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ መለኪያም ያስፈልጋል። ትሪያጅ ላይ ሥራ ስንጨምር ወረፋ ሊረዝም ይችላል፤ ይህን የሚከታተለው ማመጣጠኛ መለኪያ ይባላል። በማሳያችን በየሳምንቱ 10 ታካሚ ካርድ ክፍል መስኮት ከደረሰበት ሰዓት አንሥቶ ምርመራ ክፍል እስከገባበት ያለው ጊዜ ይመዘገባል። የሚያዘውም አማካዩ ሳይሆን መካከለኛው ዋጋ ነው። አንድ ታካሚ የላብራቶሪ ውጤት ፍለጋ ሄዶ አራት ሰዓት ቢቆይ አማካዩን ያዛባል፤ መካከለኛውን ግን እምብዛም አይነካውም።

መነሻ መስመር

ምንም ከመለወጣችሁ በፊት ለ10 ሳምንት ቁጠሩ። የማሳያችን ጤና ጣቢያ ውጤት በመቶኛ፣ በቅደም ተከተል፣ ይህ ነው፦ 40፣ 35፣ 50፣ 45፣ 30፣ 45፣ 55፣ 40፣ 35፣ 45። ከትንሹ ወደ ትልቁ ብንደረድራቸው አምስተኛው 40፣ ስድስተኛው 45 ይሆናል። ሚዲያኑ የሁለቱ መካከል፣ ማለትም 42.5 ነው። በኤክሴል ለመሥራት በመጀመሪያው ዓምድ ሳምንቱን፣ በሁለተኛው የተለኩትን ታካሚዎች ብዛት፣ በሦስተኛው መቶኛውን አስገቡ። በአራተኛው ዓምድ ደግሞ በሁሉም ረድፍ ይህን ጻፉ፦

```
=MEDIAN($C$2:$C$11)
```

የዶላር ምልክቶቹ አስፈላጊ ናቸው። ቀመሩን ወደ ታች ስትጎትቱ ሚዲያኑ በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ላይ ተቆልፎ እንዲቀር ያደርጋሉ። አዳዲስ ነጥቦች ሚዲያኑ ውስጥ እየገቡ ቢሄዱ መስመሩ ከመሻሻሉ ጋር አብሮ ይወጣና መሻሻሉን ይደብቀዋል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ መርጣችሁ የመስመር ቻርት አስገቡ፤ ራን ቻርታችሁ ይኸው ነው። ኮምፒውተር ከሌለ የካሬ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። እንዲያውም ትሪያጁ ግድግዳ ላይ በእጅ የሚሠራው ቻርት ሠራተኛው በየሰኞው ነጥብ ሲጨመርበት ስለሚያየው ብዙ ጊዜ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ተመልከቱ። 30 እና 55 በአንድ ተቋም፣ በተመሳሳይ አሠራር፣ ምንም ሳይለወጥ የመጡ ናቸው። ከ20 ካርድ አንዷ 5 በመቶ ስለሆነች ሁለት ካርድ ወዲያ ወዲህ ቢል ቁጥሩ በ10 ይዘላል። ስለዚህ በሰባተኛው ሳምንት 55 ሲመጣ ማመስገን፣ በዘጠነኛው 35 ሲመጣ መገሠጽ ትርጉም የለውም። ይህ የተለመደው መወዛወዝ ነው።

ዙሮቹ ትንሽ ይጀምሩ፣ አንዱ ከሌላው ይውለድ

ብዙ ሪፖርት ውስጥ «ዙር አንድ» የሚባለው ለሠራተኛው በሙሉ ሥልጠና መስጠት፣ ፖስተር መለጠፍና አዲስ ቅጽ ማስገባት ነው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት። ይህ ዙር አይደለም፤ ትግበራ ነው። የመጀመሪያው ዙር በአንድ ነርስ፣ በአንድ ጠዋት፣ በጥቂት ታካሚዎች ላይ የሚደረግ ሙከራ መሆን አለበት። ከመጀመሩ በፊትም ምን እንደሚሆን ግምታችሁን ጻፉ። ግምት ካልተጻፈ የሚጠና ነገር አይኖርም፤ ያገኘነውን ሁሉ «የጠበቅነው ነው» እያልን እናልፋለን።

በ11ኛው ሳምንት የማሳያችን ቡድን ረቡዕ ጠዋት ከመጡት የመጀመሪያዎቹ 10 ጎልማሶች የሁሉም ግፊት በትሪያጅ ጠረጴዛ እንዲለካ ሞከረ። ግምቱ «10ሩም ይለካሉ፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ይበቃል» የሚል ነበር። የተለኩት 8 ሆኑ፤ 2ቱ ካርዳቸውን ይዘው በቀጥታ አለፉ። ጊዜው ደግሞ ወደ 7 ደቂቃ ተጠጋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግፊት በትክክል ለመለካት ታካሚው ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ 5 ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት። ነርሷ ያንን ዕረፍት በራሷ ወንበር ላይ ትሰጥ ነበር፤ እስከዚያ ቀጣዩ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዙር ከዚህ ግኝት ተወለደ። ታካሚው ካርዱ ከመደርደሪያ እስኪወጣ መጠበቁ አይቀርም። ያ ጊዜ የዕረፍት ጊዜ ይሁን ተባለ። መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ከካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ተደረገ፤ ካርዱ የሚሰጠውም ለታካሚው መሆኑ ቀርቶ ለነርሷ ሆነ። ስለዚህ ሳይለካ የሚያልፍ ሰው አይኖርም። በ12ኛው ሳምንት ሁለት ጠዋት ተሞከረ፤ 12 ታካሚ መጣ፣ 12ቱም ተለኩ፣ ነርሷ ዘንድ የፈጀውም ከ3 ደቂቃ በታች ሆነ። በሦስተኛው ዙር፣ በ13ኛው ሳምንት፣ ሌላ ነርስ ያንኑ ደገመችው፤ ለእሷም ሠራ። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ሳምንታት ራን ቻርቱ ያሳየው 40፣ 50 እና 45 ነው። በሁለት ጠዋት የተደረገ ሙከራ የሳምንቱን ቁጥር አያናውጥም። ትናንሽ ዙሮች የሚጠኑት በራሳቸው ትንሽ መረጃ ነው፤ ቻርቱ የሚናገረው ለውጡ ሲሰፋ ነው።

በ14ኛው ሳምንት አሠራሩ በየጠዋቱ ሆነ። ቁጥሩ 60 ደረሰ። የመጠበቂያው መካከለኛ ጊዜ ግን ከ50 ደቂቃ ወደ 70 ወጣ፤ ዋናው መጨናነቅም ሰኞ ነበር። አራተኛው ዙር ይህን ለመፍታት በ15ኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ባለሙያዎቹ ራሳቸው በክፍላቸው እንዲለኩ አደረገ። ከ10 ታካሚ የተለኩት 4 ብቻ ሆኑ፤ ወረፋው በር ላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚተወው ልኬቱ ነበር። ቡድኑ ይህን በዚያው ቀን ተወው። አምስተኛው ዙር በ16ኛው ሳምንት ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከመርፌ ክፍል አንድ ነርስ ወደ ትሪያጅ አመጣ፤ በዚያ ሰዓት መርፌ ክፍሉ ሥራ ስለማይበዛበት። የመጠበቂያው ጊዜ ወደ 52 ደቂቃ ተመለሰ።

አራተኛው ዙር በሪፖርቱ ውስጥ መቅረት የለበትም። ሌላ ጤና ጣቢያ ሪፖርታችሁን አንብቦ ይህንኑ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ለምን ባለሙያው ራሱ አይለካም?» የሚል ይሆናል። እናንተ ሞክራችሁ ያልሠራበትን ምክንያት ካነበበ ያንን ሰኞ አይደግመውም። እኔ የጥራት ሪፖርት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው የተተወውን ዙር ነው፤ ሁሉም ዙር ተሳክቷል የሚል ሪፖርት የተጻፈው ዙሮቹ ካለቁ በኋላ ከትዝታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቻርቱን ማንበብ

ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ያሉት ነጥቦች 50፣ 45፣ 60፣ 65፣ 60 ናቸው። አምስቱም ከ42.5 በላይ ናቸው። ቡድኑ በዚህ ጊዜ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት «ተሳክቷል» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይፈርድበትም። በ17ኛው ሳምንት ግን 35 መጣ።

የራን ቻርት ደንቦች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። በጤናው ዘርፍ በብዛት የሚሠራባቸው አራት ናቸው፤ ለተመላላሽ ክፍል ሥራ ግን ሁለቱን በደንብ መያዝ ይበቃል። የመጀመሪያው ሽግሽግ ነው፦ 6 ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ሁሉም ከሚዲያኑ በላይ ወይም ሁሉም ከሚዲያኑ በታች ሲሆኑ። ልክ በሚዲያኑ ላይ ያረፈ ነጥብ አይቆጠርም፤ ተከታታይነቱንም አይቆርጥም፤ ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ሁለተኛው አዝማሚያ ነው፦ 5 ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥቦች ሁሉም እየወጡ ወይም ሁሉም እየወረዱ ሲሄዱ። ሁለት ተከታታይ ነጥቦች እኩል ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሦስተኛው ደንብ መስመሩ ሚዲያኑን የሚያቋርጥበትን ብዛት ከሠንጠረዥ ጋር ያመሳክራል። አራተኛው ከሌሎቹ ሁሉ በግልጽ ተነጥሎ የወጣ ነጥብ ነው፤ እሱ በዓይን ፍርድ የሚወሰን ስለሆነ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትያዙት።

ስድስት የተባለው ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አሠራሩ ካልተለወጠ አንድ ነጥብ ከሚዲያኑ በላይ ወይም በታች የመውደቅ ዕድሉ እኩል ነው። አምስት ነጥቦች በአንድ ወገን በአጋጣሚ ሊሰለፉ ይችላሉ። ስድስት ሲሆኑ ግን በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ በማሳያችን አምስቱ ነጥቦች ተስፋ ሰጪ ነበሩ፤ ምልክት ግን አልነበሩም።

17ኛው ሳምንት ምን ሆነ? የግፊት መለኪያው ካፍ ቱቦ ተቀዶ አየር ያስወጣ ነበር፤ መለኪያው ሦስት ቀን ከሥራ ውጪ ሆነ። ይህ ከቻርቱ ላይ መጻፍ ያለበት ነው፤ ከነጥቡ አጠገብ ቀስት አድርጎ «ካፍ ተቀደደ፣ 3 ቀን» ብሎ። ነጥቡን «ለየት ያለ ሳምንት ስለነበር» ብሎ ማውጣት ግን አይፈቀድም። መሣሪያ መበላሸቱ የዚያ ክፍል አሠራር አካል ነው፤ ነገም ይበላሻል። ስድስተኛው ዙር የተነሣውም ከዚሁ ነው። በ18ኛው ሳምንት በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነርሷ በራሷ ክንድ ላይ አንዴ እንድትለካ፣ ተጠባባቂ ባለፓምፕ መለኪያም በትሪያጁ ካዝና እንዲቀመጥ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ነጥቦች 60፣ 70፣ 65፣ 75፣ 70፣ 80፣ 75፣ 75፣ 80 እና 70 ናቸው። በ23ኛው ሳምንት፣ 80 ሲመጣ፣ ስድስተኛው ነጥብ ከመነሻው ሚዲያን በላይ አረፈ። ሽግሽግ ተረጋገጠ። ለውጡ ለአራት ተጨማሪ ሳምንታት ስለጸና ከ18ኛው እስከ 27ኛው ሳምንት ላሉት 10 ነጥቦች አዲስ ሚዲያን ማውጣት ይቻላል። በሉሁ ላይ ለአዲሱ መስመር የሚሆነው ዓምድ ከረድፍ 19 ይጀምራል፦

```
=MEDIAN($C$19:$C$28)
```

ውጤቱ 72.5 ነው። የድሮውን መስመር 17ኛው ሳምንት ላይ አቁማችሁ አዲሱን ከ18ኛው ጀምራችሁ ትስሉታላችሁ። ከዚህ በኋላ መውደቅ ቢመጣ የምትለዩት ከ72.5 በታች በሚሰለፉት ነጥቦች ነው። አዲስ ሚዲያን የሚወጣው ሽግሽግ በደንቡ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የጀመርንበት ሳምንት ስለሆነ ብቻ መስመሩን መቁረጥ አንባቢው ማየት ያለበትን ነገር አስቀድሞ መወሰን ይሆናል።

የተጻፈው ሁሉ ተለክቷል ማለት አይደለም

ቻርቱ ከፍ ሲል አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። ሠራተኛው ቁጥሩ እንደሚታይ ሲያውቅ፣ ወረፋውም ሲጫነው፣ ሳይለካ 120/80 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ታካሚው ግን ካልተለካው ሰው በባሰ ሁኔታ ላይ ይወድቃል። ባዶ ቦታ ያለበትን ካርድ ያየ ባለሙያ ሊለካው ይችላል፤ «120/80» ያየ ግን አይለካውም።

ይህን የምታውቁበት ቀላል መንገድ የመጨረሻውን አሃዝ መቁጠር ነው። በዲጂታል መለኪያ ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች በግምት እኩል ይመጣሉ፤ ከ20 ልኬት በ0 የሚያልቁት 2 አካባቢ መሆን አለባቸው። በመርፌ ወይም በሜርኩሪ መለኪያ የሚነበበው በሁለት በሁለት ስለሆነ 4 አካባቢ ይሆናል። ከ20ው 14ቱ በ0 ካለቁ ባለሙያው ወይ እያጠጋጋ ወይ እየገመተ ነው። አንድ ሳምንት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የአንድ ወር ልኬት አንድ ላይ ቁጠሩ። ችግሩ ከተገኘ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለ ወረፋውና ስለ ሰው ኃይሉ ነው፤ የሚገምት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ለመለካት ጊዜ ያላገኘ ሠራተኛ ነውና። ይህን ቆጠራ በሪፖርታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ ያነበበው ሰው 72.5ን የሚያምንበት ምክንያት ያገኛል።

ሪፖርቱን መጻፍ

የጥራት ማሻሻያ ሥራን ለማሳተም ለሚፈልጉ ስኳየር 2.0 የሚባል መመሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። 18 ነጥቦች አሉት፤ በአራት ጥያቄዎችም ይጠቀለላል፦ ለምን ጀመራችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን አገኛችሁ፣ ምን ማለት ነው። ለመጽሔት ባትጽፉም ለክልሉ ጤና ቢሮ ወይም ለሆስፒታሉ የጥራት ኮሚቴ የሚቀርብ ሪፖርት በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ቢዋቀር ይመረጣል።

«ምን አደረጋችሁ» ለሚለው ለእያንዳንዱ ዙር ከአራት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መቼ፣ በማን፣ በስንት ታካሚ እንደተሞከረ፤ ምን ተገምቶ እንደነበር፤ ምን እንደተገኘ፤ ከዚያ ተነሥቶ ምን እንደተወሰነ። ውሳኔው ሦስት መልክ አለው፦ እንዳለ ይስፋ፣ ተስተካክሎ ይደገም፣ ይተው። የአንዱ ዙር የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መነሻ ካልሆነ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ወይ አልተጻፈም፣ ወይ አልተጠናም። በማሳያችን «ዕረፍቱ የነርሷን ወንበር ያዘ» የሚለው ግኝት ባይኖር አግዳሚ ወንበሩ ከየት መጣ ሊባል ነው።

«ምን አገኛችሁ» የሚለው ክፍል ዋናው ሥዕል ራን ቻርቱ ነው። በአግድም ሳምንቶቹ፣ በቁም ከ0 እስከ 100 በመቶ። ቁሙን ከ30 እስከ 80 ብቻ ብታደርጉት መወዛወዙ ከልክ በላይ ይገዝፋል። ሚዲያኖቹ፣ በየነጥቡ የተቆጠረው ካርድ ብዛት፣ የዓላማው መስመር በነጠብጣብ፣ እያንዳንዱ ዙር የጀመረበት ሳምንትም በቀስት ይታዩ። ከሥሩ ሁለተኛውን ቻርት፣ የመጠበቂያውን ጊዜ፣ በዚያው የሳምንት መለኪያ አስቀምጡ። 14ኛው ሳምንት ላይ ግፊቱ የተለካው ሰው ሲጨምር ወረፋው አብሮ ሲወጣ፣ ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ግን አንዱ ሲቀጥል ሌላው ሲመለስ አንባቢው በአንድ እይታ ያያል። ከዚያ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «በትሪያጅ የተለኩት ጎልማሶች ሚዲያን ከ42.5 ወደ 72.5 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ሽግሽጉ ከ18ኛው ሳምንት ጀምሮ የታየ ሲሆን ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ዙር ቀጥሎ የመጣ ነው።»

«ቀጥሎ የመጣ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ራን ቻርት ለውጥ መኖሩን ያሳያል፤ ምክንያቱን ብቻውን አያረጋግጥም። በዚያው ወር አዲስ ኃላፊ ተሹሞ ወይም ሌላ ፕሮጀክት ለጣቢያው መለኪያ አበርክቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከነበረ ሳይደበቅ ይጻፍ። ሽግሽጉ ከዙሮቹ ጋር በጊዜ መገጣጠሙ፣ መሣሪያው ሲበላሽም ቁጥሩ መውደቁ ክርክራችሁን ያጠናክሩታል፤ ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ።

ሥራውን ለማሳተም ካሰባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት የተቋማችሁን ወይም የክልሉን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጠይቁ። የጥራት ሥራ ብዙ ጊዜ ሙሉ የምርምር ፈቃድ አይጠየቅበትም ቢባልም ውሳኔው የእናንተ አይደለም። ከተጠናቀቀ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ብዙ መጽሔት አይቀበለውም። የካርድ ቁጥርና ስም ወደ መቁጠሪያ ሉሁ መግባት የለበትም፤ ሳምንቱና «ተለክቷል» ወይም «አልተለካም» የሚለው ይበቃል።

ራን ቻርቱ የማይሠራባቸው ሁለት ሁኔታዎች በተመላላሽ ክፍል ይገጥማሉ። ቁጥሩ ወደ 100 በመቶ ሲጠጋ ብዙ ነጥቦች ልክ ሚዲያኑ ላይ ያርፋሉ፤ ስለሚዘለሉም ደንቦቹ የሚያነቡት ነገር ያጣሉ። ያን ጊዜ የሚቆጠረው በመቶኛ ሳይሆን በሁለት ያልተለኩ ታካሚዎች መካከል ስንት ታካሚ እንዳለፈ ቢሆን ይሻላል። ሌላው የሚቆጠረው ነገር በጣም ጥቂት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በሳምንት የሚገኙ አዲስ የግፊት ታካሚዎች 2 ወይም 3 ከሆኑ በመቶኛ የተሠራ ነጥብ ከ0 ወደ 100 እየዘለለ ምንም አያሳይም። እንዲህ ያለውን በወር አሰባስቡት።

ከ27ኛው ሳምንት በኋላ በየሳምንቱ 20 ካርድ ማውጣቱ ይቀንስ። በወር አንዴ 20 ካርድ ከተቆጠረ በአዲሱ ሚዲያን ላይ ነጥቡን መቀጠል ይቻላል፤ ሁለት ተከታታይ ወር ከ72.5 በታች ከሆነ ወደ ሳምንታዊው ቆጠራ መመለስ። ይህን የሚሠራው ሰው በስሙ ሳይሆን በኃላፊነቱ በሪፖርቱ ይጻፍ፤ «የተመላላሽ ክፍል አስተባባሪ ነርስ» ተብሎ። ሰው ቢዛወርም ተተኪው የመቁጠሪያ ሉሁን፣ የመለኪያውን ትርጉምና የአራተኛውን ዙር ማስታወሻ እንዲረከብ ሦስቱም በአንድ ፋይል በትሪያጁ ይቀመጡ።